አማካዩ 2,000 ብር፣ የእማማ አስቤዛ 700

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የወረዳ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በበጎ ፈቃድ ለጎልማሶች ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘጠኝ ተማሪዎች አሉኝ፤ አብዛኞቹ እናቴንና አያቴን ያክላሉ። ከኑሯቸው ጋር ላያይዘው ብዬ «ባለፈው ሳምንት አስቤዛ ስንት ፈጀ?» ብዬ እያንዳንዳቸውን ጠየቅኩና ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፦ 1,200፣ 900፣ 700፣ 1,300፣ 9,700፣ 800፣ 1,500፣ 900፣ 1,000 ብር። 9,700 ያሉት ጋሼ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና በግ ገዝተው ነው። «አማካዩ 2,000 ብር ነው» ስል፣ ከአንዲት የልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩት እማማ (700 ያሉት እሳቸው ናቸው) «እኔ እንግዲህ ከሁሉም በታች ነኝ፤ ልጅቷን በቅጡ አላበላትም ማለት ነው» አሉና ዝም አሉ። 1,500 ያሉት እናት ቤት ግን ስድስት ሰው ነው ያለው። ከዚያ «መሃል ላይ ያለው የቱ ነው?» ስላቸው 9,700 አሉኝ፤ ሞዱንም፣ ማለትም ተደጋግሞ የመጣውን ቁጥር፣ 9,700 አሉ። እማማ በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጡም። ትምህርቱን ልተወው ወይስ እንደገና ልጀምረው? ታላላቆቼን «ተሳስታችኋል» ማለትም ይከብደኛል።
ግራ የገባኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከሒሳቡ በፊት እማማን እናስቀድም። እስኪ 700ውን ለሁለት አካፍዪው፤ ለአንድ ሰው 350 ብር ይደርሳል። 1,500ውን ደግሞ ለስድስት አካፍዪው፤ ለአንድ ሰው 250 ብር ነው። በነፍስ ወከፍ ከታየ እማማ ከዚያች እናት የበለጠ አውጥተዋል። ሰሌዳው ላይ ብሩ እንጂ በየቤቱ ያለው ሰው ብዛት አልተጻፈም፤ ያልተጻፈውን ነገር ደግሞ አማካይም ሆነ ሚዲያን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው፣ ሊያውቀው አይችልም። እማማን ያሳዘናቸው ቁጥር ስለ እሳቸው ማዕድ የሚናገረው ነገር አልነበረውም።

ይህን ስሌት ግን ክፍል ውስጥ እንዳታቀርቢው አደራ። እማማን ለማጽናናት ስትይ ስድስት ሰው የምታስተዳድረውን እናት ታሳቅቂያለሽ። ከቅዳሜ በፊት ወደ እማማ ቤት ብቅ በዪ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ አትሂጂ። «እማማ፣ ያወጡትን ብር ሰው ፊት መጻፌ ልክ አልነበረም፤ ይቅር ይበሉኝ» በዪያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያቸው። የቀሩት በቁጥሩ ተከፍተው ነው ወይስ ሌላ ጉዳይ ይዟቸው? እስካሁን የምታውቂው መቅረታቸውን ብቻ ነው። ጨዋታው ራሱ ወደ አስቤዛው ካመጣችሁ የነፍስ ወከፉን ነገር ያን ጊዜ ንገሪያቸው፤ ካላመጣችሁ ግን ይቅር።

ትምህርቱን አትተዪው፤ የመረጥሽውም ምሳሌ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ዘጠኙ ቁጥሮች የዘጠኝ ቤቶች መሆናቸው ቀርቶ የአንድ ቤት የዘጠኝ ሳምንት ወጪ ይሁኑ። ቤቱንም ፈጥረሽ አምጪው፤ አራዳ ውስጥ ያለ፣ ከክፍሉ የማንም ያልሆነ ቤት። አምስተኛው ሳምንት ፋሲካ የዋለበት ነው፤ በጉ፣ ዶሮው፣ እንቁላሉና ቅቤው ተደምሮ 9,700 ብር ፈጅቷል። ስም ሳይጻፍ በወረቀት ይሰብሰብ የሚል አማራጭ ሊመጣልሽ ይችላል፤ ዘጠኝ ሰው ባለበት ክፍል ግን የማን ቤት ክርስትና እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። የአንድ ቤት ሳምንታት ሲሆኑ ማንም ከጎረቤቱ ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ ክፍሉ ለራሱ የሚጠቅመውን ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ቤት በሚቀጥለው ሳምንት ስንት ብር ይበቃዋል?

በሚዲያን ጀምሪ። ብዙ ጊዜ አማካይ ይቀድማል፤ ሚዲያን ግን እንደ ዘጠኝ ባለ ጎዶሎ ብዛት ላይ መደመርም ማካፈልም አይፈልግምና ለመግቢያ ይቀላል። ካርቶን ቆርጠሽ ዘጠኝ ካርዶች አዘጋጂ። ፊት ለፊት ብሩን በትልቁ ጻፊ፣ ከጀርባ የሳምንቱን ተራ ቁጥር በትንሹ። በመጀመሪያ በሳምንታቱ ቅደም ተከተል ጠረጴዛው ላይ ደርድሪያቸውና መሃል ያለውን አንሡ በያቸው። የፋሲካውን 9,700 ያነሣሉ፤ ባለፈውም የሆነው ይኸው ነው። ሰሌዳሽ ላይ 9,700 በትክክል አምስተኛው ቦታ ላይ ነበር፤ ተማሪዎችሽ የጠየቅሻቸውን መልሰዋል። «ተሳስታችኋል» የሚለው ቃል እዚህ ምንም ሥራ የለውም። «እሺ፣ ታዲያ ይህ ቤት ደንበኛ ሳምንት ላይ 9,700 ብር ያወጣል?» ብለሽ ብቻ ጠይቂያቸው። አያወጣም ይሉሻል። ያኔ ካርዶቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ራሳቸው ይደርድሯቸው፦

700፣ 800፣ 900፣ 900፣ 1,000፣ 1,200፣ 1,300፣ 1,500፣ 9,700

አሁን ሁለት ሰው በሁለቱ ጫፍ ይቁም፤ እኩል እኩል አንዳንድ ካርድ ያንሡ። 700 እና 9,700 ይነሣሉ፤ ከዚያ 800 እና 1,500፤ ቀጥሎ 900 እና 1,300፤ በመጨረሻ 900 እና 1,200። ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው 1,000 ነው። ሚዲያኑ እሱ ነው። ከእሱ ያነሰ የወጣባቸው አራት ሳምንታት አሉ፣ ከእሱ የበለጠ የወጣባቸውም አራት ናቸው። «አምስተኛው ሳምንት ለምን መጨረሻ ሄደ?» የሚል ሰው ካለ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የምንጠይቀው መቼ ወጣ ሳይሆን ስንት ወጣ ስለሆነ ነው በዪው። ሳምንቱ ከጀርባ ስለተጻፈ የጠፋ ነገር እንደሌለ ካርዱን ገልብጠሽ አሳዪው።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ስሕተት አለ። ሁለቱን 900ዎች አይተው «ይህስ አንዴ ተጽፏል» በማለት አንዱን የሚያነሡ ይኖራሉ። ያኔ ስምንት ካርዶች ይቀራሉ፤ መሃል ላይ 1,000 እና 1,200 ይገጥማሉ፣ መልሱም 1,100 ይሆናል። ቤቱ ግን በሁለት የተለያዩ ሳምንታት 900 አውጥቷል፣ ሁለቱም ሳምንታት መቆጠር አለባቸው። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት «ስንት ሳምንት ነበር? ስንት ካርድ አለን?» ብለው ይቁጠሩ፤ ስሕተቱ እዚያው ይያዛል።

ዘጠኙ በደንብ ከገባቸው በኋላ አሥረኛ ሳምንት ጨምሪ፣ 1,100 ብር። ከሁለቱ ጫፍ እያነሡ ሲመጡ አሁን ሁለት ካርዶች ይቀራሉ፣ 1,000 እና 1,100። አንዱን መምረጥ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን ብንመርጥ ግራና ቀኙ እኩል አይሆንም። ሁለቱን ደምረን ለሁለት እናካፍላለን፣ 1,050 ይመጣል። ማንም ሳምንት 1,050 አልወጣበትም፤ ይህ አንዳንዶቹን ቅር ያሰኛል። ቅር እንዳላቸው ተዪው፤ ለአማካዩ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። ለአንድ ቅዳሜ ይህ ይበቃል።

በሁለተኛው ቅዳሜ አማካይን በሽምብራ አሳዪ። አንድ ፍሬ 100 ብር ነው በዪ። ዘጠኝ ወረቀት ዘርግተሽ የየሳምንቱን ቁልል አድርጊ፦ 7፣ 8፣ 9፣ 9፣ 10፣ 12፣ 13፣ 15 እና 97 ፍሬ፤ በጠቅላላው 180። ቤትሽ ቆጥረሽ በፖስታ ለይተሽ አምጪው፣ ክፍል ውስጥ 97 ፍሬ መቁጠር ሰዓቱን ይበላዋል። አሥረኛውን ሳምንት ለዛሬ አውጥተሽ በዘጠኙ ብቻ ሥሪ። ከዚያ ሥራው ይህ ነው፦ ቁልሎቹን እኩል አድርጓቸው። ሌሎቹን ሁሉ የሚሞላ ፍሬ ከፋሲካው ቁልል ብቻ እንደሚመጣ ወዲያው ያያሉ። ከ97ቱ 77 ፍሬ ወጥቶ ለስምንቱ ይታደላል፣ እዚያ 20 ይቀራል፣ ሁሉም ጋ 20 ይሆናል። 20 ፍሬ 2,000 ብር ነው። አማካይ ማለት ያው ጠቅላላ ገንዘብ በየሳምንቱ እኩል ቢወጣ ኖሮ የሚደርሰው መጠን ነው።

እስኪ «2,000 ብር የወጣበት ሳምንት የቱ ነው?» በያቸው። አንድም የለም። ስምንቱ ሳምንታት ከአማካይ በታች ናቸው። ከአማካይ በታች መሆን ጉድለት እንዳልሆነ ያለ ምንም ምክር እዚህ ጋ ይታያል፤ አንድ ትልቅ ቁጥር አማካዩን ወደ ራሱ ሲጎትት ብዙው ከታች ይቀራል። እማማ ከተመለሱ ይህን በዓይናቸው ያዩታል፤ አንቺ ወደ እሳቸው ማየት እንኳ አያስፈልግሽም።

ከሽምብራው በኋላ በስልክ ያስሉት፣ ግን ተጠንቀቂ። ብዙዎች ዘጠኙን ቁጥሮች በመደመር ምልክት አከታትለው ይጽፉና እኩል ይሆናል ሳይሉ በቀጥታ ÷ 9 ይነካሉ። አብዛኛው የስማርት ስልክ ማስያ ማካፈልን ስለሚያስቀድም ለ9 የሚካፈለው በመጨረሻ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ከጻፉ 9,700 ብቻውን ለ9 ይካፈልና 9,377.78 የሚል መልስ ይወጣል። በገበያ ሻጮች እጅ ያለው ቀላሉ ማስያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛውን 2,000 ይሰጣል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቁልፍ ነክተው የተለያየ መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። መጀመሪያ ድምሩን ይጨርሱ፣ = ይንኩ፣ 18,000 መሆኑን ደብተራቸው ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ ያካፍሉ። ማረጋገጫው መልሱን በ9 ማባዛት ነው፤ 2,000 በ9 ሲባዛ 18,000 ይመለሳል። 9,377.78 በ9 ሲባዛ ከ84,000 ያልፋል፣ እንዲህ ያለ ብር ደግሞ ቤቱ አላወጣም።

ይህ ማባዛት ከማረጋገጫም በላይ ነው፤ በእኔ እምነት የአማካይና የሚዲያን ልዩነት በደንብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጪው። ሚዲያኑን 1,000 በ9 አባዙ በያቸው፤ 9,000 ይመጣል፣ የወጣው ግን 18,000 ነበር። ግማሹ ገንዘብ የት ገባ? ፋሲካው ውስጥ ነው። ሚዲያን የፋሲካውን ሳምንት «ከመሃል በላይ ያለ አንድ ሳምንት» ብሎ ነው የቆጠረው፤ ምን ያህል በላይ እንደሆነ አልጠየቀም። ስለዚህ የቤቱ እመቤት በተራ ሳምንት ጉሊት ስትወጣ ስንት ብር ልያዝ ካለች 1,000 የሚለው ይሻላታል። በዓሉንም ጨምሮ የዘጠኙን ሳምንት ጠቅላላ ወጪ ለመሸፈን በየሳምንቱ ስንት ላስቀምጥ ካለች ግን 1,000 ያሳስታታል፤ 2,000 ማስቀመጥ ነበረባት። በዚህ ላይ እቁብ የጣሉ ተማሪዎችሽ ካንቺ የተሻለ ይናገራሉ፣ እድል ስጪያቸው።

ከዚያ አንድ ነገር ሞክሩ። የፋሲካውን ካርድ አንሥተሽ በስሕተት ዜሮ የተጨመረበት ካርድ፣ 97,000፣ አስቀምጪ። ሚዲያኑ ስንት ሆነ? ካርዶቹ በቦታቸው ስላሉ አሁንም 1,000 ነው። አማካዩ ግን 11,700 ይሆናል። ከስምንቱ ሳምንታት ሁሉ በብዙ የራቀ አማካይ ስታዩ ወደ ቁጥሮቹ ተመለሱ በያቸው፤ ወይ የአጻጻፍ ስሕተት አለ፣ ወይ እንደ ፋሲካ ያለ እውነተኛ ግን ልዩ ሳምንት አለ።

«ፋሲካውንስ ለምን አናወጣውም?» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ማውጣት ይቻላል፤ የስምንቱ ሳምንታት አማካይ 1,037.50፣ ሚዲያናቸው ደግሞ 950 ይሆናል። አማካዩ በ962.50 ሲወርድ ሚዲያኑ የወረደው በ50 ብር ብቻ መሆኑን አሳዪያቸው። ከወጣ ግን «ፋሲካ ሳይጨምር» ተብሎ አብሮ ይጻፍ፤ የበጉ ብር በእርግጥ ከቤቱ ወጥቷል። በተቃራኒውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 2,000 የዘጠኙ ሳምንታት አማካይ ነው፣ የዓመቱ አይደለም። 9,700 ለ9 ሳምንት ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ላይ 1,078 ብር ገደማ ያርፋል፤ ለ52 ሳምንት ቢከፋፈል ግን 187 ብር ገደማ ብቻ ነው። እርግጥ በዓመቱ ውስጥ እንቁጣጣሽም ገናም አሉ፤ እነሱም በተራቸው ይጨምራሉ።

ሞድ ላይ ብዙ አትቆዪ። 900 ሁለት ጊዜ ስለመጣ ሞዱ 900 ነው፣ ሌላው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጻፈው። «ከሁሉ የበዛው የቱ ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ ትልቁን ብር ያሳዩሻል፣ ባለፈውም 9,700 ያሉሽ በዚህ ይመስለኛል። «ተደጋግሞ የተጻፈው የትኛው ብር ነው?» በዪ። ሌሎች ደግሞ መልሱን 2 ይላሉ፤ 2 የድግግሞሹ ቁጥር ነው፣ የሚፈለገው ካርዱ ላይ ያለው ብር ነው። እውነቱን ንገሪያቸው፤ እዚህ ሞዱ ብዙ አይረዳም። ከሁለቱ 900 አንዱ 910 ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ሞድ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር።

ሞድ የሚጠቅመው መደመር በማይቻልበት ነው። በየሳምንቱ አስቤዛው ከየት ተገዛ ብላችሁ ጻፉ፦ አምስት ሳምንት ከጉሊት፣ ሦስት ሳምንት ከእሁድ ገበያ፣ አንድ ሳምንት ሃይሌ ጋርመንት ካለው አትክልት ተራ። ሞዱ ጉሊት ነው። ጉሊትንና እሁድ ገበያን ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሰው የለም፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚደረድራቸውም የለም። አማካይና ሚዲያን እዚህ ሥራ የላቸውም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ምሳሌ ከብሩ ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል።

ይህን ሁሉ ስታደርጊ ካርዱን የሚያነሡት፣ ሽምብራውን የሚያድሉት እነሱ ይሁኑ። ያኔ «እማማ ተሳስተዋል» ማለት ብዙም አያስፈልግሽም፤ የጎደለ ወይም የተረፈ ካርድ ራሱ ይናገራል። ክፍሉ ሲቸገርም «ምን እየፈለግን ነበር?» ብለሽ ወደ ጥያቄው መልሻቸው፤ በተራ ሳምንት ስንት፣ በጠቅላላው ስንት፣ ወይስ ደጋግሞ የመጣው የቱ።

በመጨረሻ ገብቷቸው እንደሆነ ለማየት ፈተና አታውጪ፤ ይህን ጥያቄ ብቻ ስጪያቸው። ያው ቤት ለከሰል በአምስት ወራት 400፣ 300፣ 2,400፣ 400 እና 500 ብር አውጥቷል። በሦስተኛው ወር ከክረምቱ በፊት ሙሉ ኬሻ ገዝተው ነው። ግቢው ውስጥ አዲስ የገባች ጎረቤት «በወር ለከሰል ስንት ይበቃኛል?» ብትላችሁ ምን ትሏታላችሁ? አባወራው ደግሞ የአምስቱን ወር ጠቅላላ ወጪ ማወቅ ቢፈልግና አንድ ቁጥር ብቻ ልትነግሩት ብትችሉ የቱን ትነግሩታላችሁ? ለጎረቤቲቱ 400፣ ለአባወራው 800 ካሉ ሁለቱን ለይተዋል። ለሁለቱም 800 ካሉ ሚዲያኑ ገና ነው፤ ወደ ካርዶቹ ተመለሺ። ለሁለቱም 400 ካሉ ደግሞ 400ን በ5 ያባዙ፤ 2,000 ያገኛሉ፣ የከፈሉት ግን 4,000 ነው። የጎደለውን 2,000 ብር ራሳቸው ይፈልጉት፤ ኬሻው ጋ እስኪደርሱ ጠብቂያቸው።